ኤስፓንሶ ከወራት በኋላ፦ በጅማ ቢሮ ለአማርኛ ደብዳቤ ምን ያህል ይጠቅማል?

ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት የቢሮ ሥራ እሠራለሁ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፤ ለከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚገባው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ለውጭ አገር ሰዎች የሚላከው ኢሜይል ደግሞ በእንግሊዝኛ። የድርጅቱን አድራሻ ብቻ በሦስት ቋንቋ ስጽፍ መዋል ስለሰለቸኝ ነው ኤስፓንሶን የጫንኩት። ክረምቱ ሲወጣ ጀምሬ እስካሁን በየቀኑ እየተጠቀምኩበት ነው።

ኤስፓንሶ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ጽሑፉን ለማስገባትም ኢንተርኔት አይፈልግም። አንድ አጭር ምልክትና በምትኩ የሚገባውን ረጅም ጽሑፍ ፋይል ላይ ትመዘግባላችሁ። ምልክቱን ስትጽፉ እሱን አጥፍቶ ረጅሙን ያስገባል። ሳትፈልጉት ከገባ ወዲያው የመሰረዣውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ብትነኩ ወደ ምልክቱ ይመለሳል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ዋናው ችግር ምልክቱ ላይ ነው። በፕሮግራሙ መመሪያ ውስጥ ያሉት ምሳሌዎች በ`:` ይጀምራሉ። እኔ የምጽፈው በኪይማን የአማርኛ ኪቦርድ ስለሆነ ያ ቁልፍ ሁለት ነጥብ (፡) ይሆናል፤ `;` ደግሞ ድርብ ሰረዝ (፤) ይሆናል፤ ተከትለው የሚመጡት የላቲን ፊደላትም ወደ ፊደላችን ይለወጣሉ። ስለዚህ ምልክቱ በአማርኛ ኪቦርድ ላይ እያለሁ አይያዝም። ዊንዶውስና ስፔስን አብሬ ተጭኜ ወደ እንግሊዝኛ እሄዳለሁ፣ ምልክቱን እጽፋለሁ፣ በዚያው መንገድ ወደ አማርኛ እመለሳለሁ። «ከሰላምታ ጋር» ለምትል ሐረግ ይህን ሁሉ መመላለስ አያዋጣም፤ ሐረጓን በእጅ መጻፍ ይቀላል።

ከወራት አጠቃቀም በኋላ የደረስኩበት ፍርድም ይኸው ነው። ለአማርኛ ጸሐፊ የኤስፓንሶ ትርፍ ያለው በአጫጭር ሐረጎች ላይ አይደለም፤ በረጃጅምና ክፍት ቦታ ባላቸው ጽሑፎች ላይ ነው። አጫጭሮቹን ለዎርድ የራስ እርማት ትቻቸዋለሁ። እዚያ ምልክቱን ራሱን በአማርኛ መመዝገብ ይቻላል፤ «ከጋ» ብዬ ስፔስ ስነካ «ከሰላምታ ጋር» ይሆናል፤ ኪቦርድ መቀየር የለም። ምልክቱ ግን በቋንቋው ውስጥ ትርጉም ያለው ቃል እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቃሉን በፈለጋችሁት ቁጥር ይለወጥባችኋል። የዎርድ እርማት ያለ ቅርጽ የሚቀበለው ጽሑፍ እስከ 255 ፊደል ድረስ ስለሆነ ሙሉ ደብዳቤ አይችልም፤ ከቢሮ ፕሮግራሞቹ ውጭም አይከተላችሁም።

ኤስፓንሶ ዋጋውን የሚያሳየው በጭነት ደብዳቤ ላይ ነው። ቡና የጫነ መኪና ከጅማ በወጣ ቁጥር ተመሳሳይ ደብዳቤ ይጻፋል፤ የሚለያዩት ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ተቀባዩ፣ ሰሌዳው፣ ሾፌሩና የጆንያው ብዛት ናቸው። በብዙ ቢሮዎች ያለው ልማድ ያለፈውን ደብዳቤ ከፍቶ በሌላ ስም ማስቀመጥና የተለየውን ብቻ መቀየር ነው። በዚህ መንገድ የባለፈው መኪና ሰሌዳ አዲሱ ደብዳቤ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ቦታው ባዶ ስላልሆነ ዓይን ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ አሁን የምጠቀመው ይህንን ነው፦

```yaml
matches:
  - trigger: ";chn"
    form: |-
      ቁጥር፦ [[qutir]]
      ቀን፦ [[qen]] ዓ.ም.
      ለ[[tekebay]]
      አዲስ አበባ
      ጉዳዩ፦ የቡና ጭነት ስለመላክ
      በሰሌዳ ቁጥር [[seleda]]፣ በሾፌር [[shofer]] [[bizat]] ጆንያ ቡና ልከናል።
```

`;chn` ብዬ ስጽፍ ትንሽ መስኮት ይከፈትና ድርብ ቅንፍ ውስጥ ያሉት ስሞች ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ይቀርባሉ። ወደ አማርኛ አንድ ጊዜ ብቻ እቀይርና ሳጥኖቹን በተራ እሞላለሁ፤ ኮንትሮልና ኢንተርን አብሬ ስጫን ደብዳቤው ተሞልቶ ገጹ ላይ ይወርዳል። ሳጥኖቹ ሁልጊዜ ባዶ ሆነው ስለሚመጡ የትናንቱ ሰሌዳ የሚያድርበት ቦታ የለም። የተረሳ ሳጥን ቢኖር እንኳ ደብዳቤው ላይ ክፍተት ሆኖ ይታያል እንጂ የተሳሳተ ቁጥር ሆኖ አይደበቅም። የጊዜ ቁጠባው ደስ ቢያሰኘኝም፣ ይህ ባይኖር ኖሮ ፕሮግራሙን ይህን ያህል አላመሰግነውም ነበር።

ፋይሉን ስትጽፉ ሁለት ነገር ልብ በሉ። መጀመሪያ፣ ከመስመሩ በፊት ያለው ክፍተት በስፔስ ብቻ ይሠራ፤ በታብ ከሆነ ፋይሉ አይነበብም። ሁለተኛ፣ ከአሞሌው አጠገብ ያለችው ጭረት (`|-`) ቦታ የያዘችው በምክንያት ነው፤ እሷ ከሌለች ከጽሑፉ መጨረሻ አንድ ባዶ መስመር ይከተላል፤ አድራሻ በሠንጠረዥ ውስጥ ስታስገቡ ረድፉን ያስረዝምባችኋል።

ምልክቶቹን ስትመርጡ አንዱ የሌላው መጀመሪያ አይሁን። ኤስፓንሶ ምልክቱ እንደተሟላ ወዲያው ይሠራል፤ `;ad` የሚል ካለ `;ador` የሚለው ፈጽሞ አይደረስበትም፤ ሁለተኛዋ ፊደል ላይ የመጀመሪያው ይገባል። የእኔ ሦስቱ አድራሻዎች `;adam`፣ `;ador` እና `;aden` ናቸው። የተመዘገበ ምልክት «አይሠራም» የሚል ባልደረባ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ቀንን በተመለከተ ፕሮግራሙ አይረዳንም። የዕለቱን ቀን በራሱ ማስገባት ይችላል፤ የሚሰጠው ግን የፈረንጁን ነው። ጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. መጻፍ ሲገባው ጃንዋሪ 9 ቀን 2025 ይላል። ልዩነቱ የቀንም የወርም የዓመትም ስለሆነ የተወሰነ ቁጥር በመቀነስ አይስተካከልም፤ የሚያሰላ ትንሽ ኮድ መጻፍ የሚችል ሰው ካላችሁ ማያያዝ ይቻላል። እኔ በሳጥን መሙላቱን መርጫለሁ።

ሌላው ገደብ ከአሮጌ ሰነዶች ጋር ነው። ዩኒኮድ ሳይለመድ በቆዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች አሁንም በየቢሮው አሉ። ከእነሱ ቀድታችሁ ኤስፓንሶ ፋይል ውስጥ ብትለጥፉ የተምታቱ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይሆናሉ፤ ምክንያቱም እነዚያ ሰነዶች ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ብቻ ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንደ አዲስ እተይበዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ግን ይቻላል።

ፋይሉ ማንም የሚከፍተው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ የይለፍ ቃል አይቀመጥበትም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ለማስገባት የሒሳብ ሠራተኛችን ጠይቃኝ ነበር፤ ገባ፤ ነገር ግን ቁጥሩን ከባንኩ ደብተር ጋር እያስተያየን ሁለት ሆነን አነበብነው። እዚያ የገባ ስህተት ከዚያ በኋላ በሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ ላይ ይደገማልና።

ኮምፒውተር ስትቀይሩ ሁሉንም ከመጀመሪያ መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ትእዛዝ መስጫው ላይ `espanso path` ብላችሁ ብትጽፉ ፎልደሩ የት እንዳለ ያሳያችኋል፤ በውስጡ ያለውን `match` የተባለውን በፍላሽ ይዛችሁ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ እዚያው ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። የእኛ የሒሳብ ክፍልም ሥራውን የጀመረው በዚሁ መንገድ በተቀዳ ፋይል ነው።