ደሴ ላይ ደረጃ ለምታሠሩ፦ አናጢያችንን ላመስግን

ሰላም ወገን። ደሴ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ስንሠራ ደረጃውን የሠሩልንን አናጢ በአደባባይ ማመስገን ስለፈለግኩ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ አሁን ሳታርፍ ፎቅ ትወጣለች።

መጀመሪያ የያዝነው ሰው 15 እርከን ነበር የነደፈው። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ከ6 ሳንቲ ነው፣ ስለዚህ አንዱ እርከን ከ20 ሳንቲ በላይ ይሆናል፣ መርገጫው ደግሞ 25 ብቻ። አዲሱ አናጢያችን ሜትራቸውን ዘርግተው "ይሄ መሰላል ነው" አሉ። 18 እርከን አደረጉት። 306 ለ18 ሲካፈል ልክ 17 ይመጣል፣ መርገጫው 29 ሆነ። ሒሳቡን እንዲህ አስረዱን፦ የከፍታው እጥፍ ከመርገጫው ጋር ሲደመር ከ60 እስከ 65 ሳንቲ መሆን አለበት፣ የሰው እርምጃ እዚያ አካባቢ ነውና። የኛ 63 መጣ። እርግጥ ደረጃው ረዝሞ ከሳሎኑ ወደ 1 ሜትር ተኩል ገደማ በላ። አባቴ ቅር ብሎት ነበር፣ እኔ ግን ሳሎን ቢጠብ ይሻላል ባይ ነኝ።

ደረጃው ሲረዝም ግን የሶሌታው ክፍት ቦታ ለድሮው ንድፍ እንደተሰላ ቀርቶ ነበር። ሶሌታው ሳይሞላ በፊት ቱምቢ ጥለው አሳዩን። የቢሙ ሆድ ከወለል 264 ሳንቲ ላይ ነው፣ አራተኛው እርከን 68 ላይ። የቀረው 196 ብቻ ነው! ረጅም ሰው ወይም ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ ግንባሩን ይመታል። ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢቻል ከዚያ በላይ መተው አለበት፤ የሚለካውም ከእርከኑ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው። መሐንዲሱ አይቶ ከተስማማ በኋላ ክፍቱን በሁለት መርገጫ፣ ማለትም በ58 ሳንቲ አስረዘሙት። ቢሙ ሁለተኛው እርከን ላይ ሆነና 230 ተገኘ።

ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ፎርሙ ላይ የመጀመሪያውን እርከን 20 ሳንቲ ማድረጋቸው ነው። ሌሎቹ 17 ናቸው። ተሳስተዋል ብዬ ጠየቅኳቸው። "ታች ወለሉ ላይ ሊሾና ሴራሚክ 8 ሳንቲ ይበላል፣ ደረጃው ላይ እምነበረዱ ከነሞርታሩ 5 ነው፣ ልዩነቱ 3 ነው" አሉኝ። እውነትም ሲያልቅ ሁሉም እኩል 17 ሆነ። ባይታሰብበት የመጀመሪያው 14 ሆኖ ይቀር ነበር። እግር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን እርከኖች ይለምድና የቀረውን ሳያይ ነው የሚረግጠው፣ አንዱ ሲለይ ያደናቅፋል። በተለይ ሲወረድ ክፉ ነው። የቤታችሁን ለማወቅ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱን እርከን በሜትር ለኩ፣ ብዙ ጊዜ የሚለየው የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ነው።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ደሴም ኮምቦልቻም ይሠራሉ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ግን ፎርም ሳይመታ በፊት ጥሯቸው፤ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ማፍረስ ካልሆነ የሚስተካከል ነገር የለም።