ማይክህን ማን እንደከፈተው የሚነግርህ ስልክ የቱ ነው? ያገለገለ ሳምሰንግ፣ አሮጌ አይፎን ወይስ ኮፒ

ዘመድ ጓደኛው ሁሉ «በዚህ ብር የቱን ልግዛ?» እያለ ይደውልልኛል። ከእኔ ጥፋት ተማሩ ብዬ ልጻፈው።

አምና ለእህቴ በ11,000 ብር ስልክ ገዛሁላት። ኦሪጅናል ነው ተብዬ ነው። ሴቲንግ ውስጥም አንድሮይድ 13 ይላል። ከሦስት ወር በኋላ «አንድ አፕ የሚያዳምጠኝ ይመስለኛል» አለችኝ። ቀላል ነው፣ የትኛው አፕ ማይኩን፣ ካሜራውን ወይም Location መቼ እንደተጠቀመ የሚያሳየውን Privacy dashboard ከፍተን እናያለን አልኳት። ፈለግን፣ የለም። ካሜራውን ከፈትኩ። ከላይ በቀኝ በኩል ብቅ ማለት የነበረበት አረንጓዴ ምልክትም የለም። ይህ ነገር በአንድሮይድ 12፣ በ2021 የመጣ ነው። 13 ነኝ የሚል ስልክ ሁለቱም ከሌሉት ውሸታም ነው። ጠጋኙ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ሲያየው ውስጡ አንድሮይድ 8 ሆኖ ተገኘ። ቁጥሩን ብቻ ቀይረው ጽፈውበታል። ስክሪኑ ሲሰበር ደግሞ የሚገጥምለት ጠፋ። 11,000ው በዚያው ቀለጠ።

ስለዚህ ኮፒውን ተዉት። የቀሩት ሁለት ናቸው፦ አንድሮይድ 13 ያለው ያገለገለ ሳምሰንግ፣ ለምሳሌ ኤ14፣ እና አይፎን 7። እኔ ስጠይቅ ሳምሰንጉን 15,000 አሉኝ፣ አይፎኑን 12,000። አይፎኑ ረከሰ እንዳትሉ። ባትሪው አልቆ ስለነበር ማስቀየሪያ 2,500 ተጠየቅኩ። ልዩነቱ 500 ብር ቀረ ማለት ነው።

የእኔ ምርጫ ሳምሰንጉ ነው። ምክንያቱም አንድሮይድ ማንም ሳያዘው ይመዘግባል። የጠረጠራችሁ ቀን ከፍታችሁ ያለፈውን ታያላችሁ። አንድሮይድ 12 የ24 ሰዓት ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ከ13 ጀምሮ እስከ 7 ቀን ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። አይፎን ላይ ግን App Privacy Report የሚባለውን ቀድማችሁ ማብራት አለባችሁ። ካላበራችሁት ትናንት የሆነውን አይነግራችሁም። ካጠፋችሁት ደግሞ የሰበሰበውን ይሰርዘዋል።

አይፎኑን አልበድለውም። አፑ ከየትኞቹ ድረ ገጾች ጋር እንደተገናኘ ጭምር ይዘረዝራል፤ አንድሮይዱ ይህ የለውም። ግን አይፎን 7 ከአይኦኤስ 15 አያልፍም። በዚህ ዋጋ ለእህቴ አልገዛላትም።

የዳሽቦርዱ አነባበብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሳምሰንጉን ከገዛን በኋላ እህቴ Location ላይ ስትነካ 2:14 AM የሚል አገኘችና ደነገጠች። «ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ነበርኩ እኮ!» አለች። AM ስለሆነ ሌሊት 8:14 ነው፣ ተኝታለች። ስሙን ስናይ ባትሪ መብራት የሚያበራ አፕ ነው። መብራት ለማብራት የት እንዳለሽ ማወቅ ምን ያደርግለታል? ስሙን ነክተን Don't allow አልነው። መብራቱ አሁንም ይበራል።

Microphone ላይ ደግሞ ክሮም ነበር። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ክሮም ሲል በክሮም ውስጥ የተከፈተ አንድ ገጽ ሊሆን ይችላል፤ የገጹን ስም አይጽፍም። በሰዓቱ ምን ከፍታችሁ እንደነበር ራሳችሁ አስታውሱ። ቴሌግራም ወይም ኢሞ ልክ በደወላችሁበት ደቂቃ ከታየ ጥሪው ነው፣ አትደንግጡ። ሳትደውሉ ከታየ ግን ጠይቁ። ዳሽቦርዱ መቼ እንደተከፈተ እንጂ ምን እንደተቀዳ፣ ወዴት እንደተላከ አይናገርም። የስልኩን የራሱን አፖች ደግሞ ይደብቃል። ከላይ ሦስቱን ነጥብ ነክታችሁ Show system ካላችሁ ይወጣሉ።

ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ይህን አድርጉ። ካሜራውን ከፍታችሁ አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ቅረጹ። አረንጓዴው ምልክት መጣ? ከዚያ ሴቲንግ ፍለጋው ላይ privacy ብላችሁ ጻፉና ዳሽቦርዱን ክፈቱ። የሜኑው ስም እንደ ስልኩ ስሪት ይለያያል፤ ሳምሰንግ ላይ Security and privacy ውስጥ ነው። Camera ላይ አሁን የቀረጻችሁበት ሰዓት መኖር አለበት። ከሌለ Show system ብላችሁ ድገሙ። አሁንም ከሌለ ስልኩን መልሱለት።

እኔ ሁለተኛውን ስገዛ ይህን ሳደርግ ሻጩ «ምንድነው የምትፈትሸው?» አለኝ። ነገርኩት። ከመደርደሪያው የዘረጋልኝን ሌላኛውን ስልክ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው።