የጨረታ ዋጋ፦ ከወጪ ተነስቶ ወይስ ካለፈው አሸናፊ?

ደብረ ማርቆስ ላለ መሥሪያ ቤት 500 ደስጣ ወረቀት ልታቀርቡ ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ ሁሉም ከቫት በፊት።

አንዱ መንገድ ከወጪ መነሳት ነው። መርካቶ አንዱ ደስጣ 600 ብር ከሆነ ግዢው 300,000 ይመጣል። ጭነትና ማውረጃ 9,000፣ የጨረታ ሰነድና የባንክ ዋስትና 3,000 ጨምሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው፦ ክፍያው ሁለት ወር ቢዘገይ፣ በዓመት 18 በመቶ ወለድ በግዢው ገንዘብ ላይ ሌላ 9,000 ይበላል። ድምሩ 321,000፣ ለአንዱ 642 ብር። ከዚህ በታች ኪሳራ ነው። 5 በመቶ ትርፍ ሲጨመር 674 ገደማ ይሆናል።

ሁለተኛው ካለፈው አሸናፊ መነሳት ነው። ጨረታ ሲከፈት ዋጋ ስለሚነበብ ማወቁ አይከብድም። ባለፈው 650 አሸንፎ ከሆነ 645 ትሞላላችሁ። ምናልባት ታሸንፋላችሁ፤ የሚተርፈው ግን 1,500 ብር ብቻ ነው። ውል እስኪፈረም መርካቶ በአንዱ ደስጣ 10 ብር ከጨመረ ከ3,500 በላይ ትከስራላችሁ። ያ አሸናፊ የድሮ ክምችት ይኑረው አይኑረው ደግሞ ማን ያውቃል?

እኔ ወለሉን በመጀመሪያው አወጣለሁ፤ ሁለተኛውን ትርፉን ምን ያህል ልቀንስ ለማለት ብቻ አየዋለሁ። እዚህ ላይ 660 እሞላ ነበር። በ650 የሚመጣ ካለ ይውሰደው።