«ሙሉ ሶላር» የሚል የአንድ መስመር ፕሮፎርማ ከመጣላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ

ሰፈራችን መብራት በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ይጠፋል። ቤታችን ባለ ሦስት መኝታ ነው። ሶላር ልናስገባ ወስነን አንድ ገጣሚ ስናነጋግር ቤቱን ሳያይ ፕሮፎርማ ላከልን። «ባለ 5 ኬቪኤ ሙሉ ሶላር፣ ሁለት ጄል ባትሪ፣ ሁለት ፓኔል፣ ከነመግጠሚያው» ይላል፤ ከሥሩ ጠቅላላ ዋጋው ብቻ ተጽፏል። «ሙሉ» በምትለው ቃል ተማመንንና ከፈልን።

ከተገጠመ በሦስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ኢንቨርተር ወዲያው ተረከበ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። 5 ሰዓት ሲሆን ቤቱ ጨለመ። ገጣሚው ስደውልለት «ብዙ ዕቃ ስለከፈታችሁ ነው» አለኝ።

በማግስቱ የባትሪውን ጎን አነበብኩ፤ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 1200 ዋት-ሰዓት ነው፤ ሁለቱ ባትሪዎች በአንድነት 2400 ይይዛሉ። ጄል ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር ኢንቨርተሩ እዚያ ሲደርስ እንዲያቋርጥ ተስተካክሏል። ስለዚህ የእኛ ድርሻ 1200 ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ፍሪጁ በአማካይ 60 ዋት፣ ቴሌቪዥኑ 100፣ ስምንት አምፖሎች 80፣ የኢንተርኔት ራውተሩ 10፣ ኢንቨርተሩ ራሱ ደግሞ 50 ያህል ይወስዱ ነበር፤ ድምሩ 300 ነው። 1200 ለ300 ሲካፈል አራት ሰዓት ይሆናል። ብዙ ዕቃ አልከፈትንም፤ ሂሳቡ ከመጀመሪያውም ይኸው ነበር።

ሰውየውን ዋሽቷል ብዬ እንዳልከስሰው ኢንቨርተሩ በእርግጥ 5 ኬቪኤ ነው። ይህ ቁጥር የሚነግረን ግን በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ መሸከም እንደሚችል እንጂ ለስንት ሰዓት እንደሚያቆየን አይደለም። ሰዓቱን የሚወስነው ባትሪው ነው፤ የባትሪው መጠን ደግሞ ፕሮፎርማው ላይ አልነበረም። ሁለት ባትሪ አለ፣ ሁለት ባትሪ አመጣ። በምን ልከራከረው?

ከከፈልኩ በኋላ ለሌሎች ሦስት ገጣሚዎች የጻፍኩት ደብዳቤ ይህ ነው፤ የቤታችሁን ቁጥር እየተካችሁ ውሰዱት።

ጉዳዩ፦ ዝርዝር የዋጋ ማቅረቢያ ስለመጠየቅ

ባለ ሦስት መኝታ ቤታችን መብራት በተደጋጋሚ ስለሚጠፋ የሶላር መሣሪያ ማስገባት እንፈልጋለን። መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ራውተርና ስምንት አምፖሎች፣ በድምሩ 250 ዋት ያህል፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት እንዲሠሩልን እንፈልጋለን። ባለ 750 ዋት የውኃ ፓምፕም አለን፤ እሱ በቀን ብቻ ይሠራል። ምጣድና የውኃ ማሞቂያ አይገናኙም።

ፕሮፎርማው ቤቱን ካያችሁ በኋላ ተዘጋጅቶ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ ሞዴል፣ ብዛትና ነጠላ ዋጋ እንዲይዝ እንጠይቃለን። የባትሪው ዓይነት፣ ቮልት፣ አምፔር-ሰዓትና ከውስጡ ልንጠቀምበት የሚገባው መጠን፣ እንዲሁም በገለጽነው ጭነት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ከነስሌቱ ይጻፍልን። ኢንቨርተሩ በኬቪኤ ብቻ ሳይሆን በዋት፣ ከሚቀበለው የባትሪ ቮልት ጋር ይገለጽ። ባትሪው ከመብራት መስመርም መሞላት መቻሉ፣ ገመድ፣ መቆጣጠሪያ ብሬከርና የመሬት ሽቦ በዋጋው ውስጥ መካተታቸው፣ ዋስትናውን በጽሑፍ የሚሰጠው ማን እንደሆነም ይገለጽልን።

ከሰላምታ ጋር

አንዱ መልስ አልሰጠም። ሁለተኛው ያንኑ የለመድነውን አንድ መስመር ላከ። ሦስተኛው ግን መጥቶ መጀመሪያ የሄደው ወደ ፓምፑ ነው። ሰሌዳውን አንብቦ «ሲነሣ ለቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል፤ ለዚህ ትልቅ ኢንቨርተር መያዛችሁ አይከፋም» አለኝ። አንድ ሰው ዕቃዬን ሲያይልኝ የመጀመሪያው ነበር።

እሱ ያቀረበው ባለ 25.6 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ ነው። 5120 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ሰማንያ በመቶውን ብንጠቀም 4100 ገደማ ይሆናል። በእኛ 300 ዋት ሲካፈል ከ13 ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶም የጠየቅነውን 12 ሰዓት ይሸፍናል። በክረምት ደመና ሁለቱ ፓኔሎች በቀን ሊሞሉት እንደማይችሉ ግን በግልጽ ጽፏል፤ ለዚህ ነው ከመብራት መስመር የመሙላቱን ጥያቄ ከደብዳቤው እንዳታወጡ የምለው።

እኔ መጀመሪያ የፈለግሁት ዋጋው የሚቀንሰውን ባለ 48 ቮልት ባትሪ ነበር። ሰውየው የድሮውን ኢንቨርተር ሰሌዳ አሳየኝ፤ የሚቀበለው 24 ቮልት ብቻ ነው። ባለ 48 ከገዛሁ ኢንቨርተሩንም መቀየር ነበረብኝ። ጄል ባትሪዎቹ አሁን በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ገጣሚያቸው መልሶ እንዲገዛኝ ብጠይቀው ያቀረበልኝ ዋጋ ከሸጠልኝ ሩቡን አይሞላም።