በደቂቃ 15 ብር የሚባለውን የሁለት ቋንቋ ትራንስክሪፕት ሳትፈትሹ አትክፈሉ

ሰበታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ኮዬ ፈጬ፣ በአጠቃላይ ከከተማው ዳር ዳር ቤታችሁ ውስጥ ማይክ ተክላችሁ ፖድካስት የምታዘጋጁ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ቀብድ አትላኩ። በቴሌግራምና በየኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቁ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ አለ። ድምፃችሁን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈን፣ የተናጋሪ ስምና ሰዓት አስገብተን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ እናስረክባለን ይላል። ዋጋው በደቂቃ 15 ብር ነው፤ ግማሹ ቅድሚያ በቴሌብር ይከፈላል፣ ደረሰኝ የለም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። የ54 ደቂቃ ክፍል ቢሰጣቸው 810 ብር ይሆናል፣ ለሁለቱም ቋንቋ። የለመደ ሰው ጥርት ብሎ የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ድምፅ አዳምጦ ለመጻፍ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ የተቀረጸ ከሆነማ ከዚያም ይበልጣል። ትርጉሙና የተተረጎመውን ከድምፁ ጋር ማመሳከሩ ቢያንስ ሌላ አንድ ቀን ይወስዳል። ስለዚህ በ810 ብር በማግስቱ የሚመጣውን ፋይል ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አላዳመጠውም። ሶፍትዌር ጽፎታል፣ ሶፍትዌር ተርጉሞታል፣ ሰውየው ፋይሉን ስሙን ቀይሮ ልኮላችኋል። ሶፍትዌር መጠቀሙ በራሱ ነውር የለውም፤ ነውሩ ሰው ያረመው ነው ብሎ መሸጡ ነው።

እንዲህ ያለው ፋይል ሲከፈት ያምራል። ስም አለው፣ ሰዓት አለው፣ እንግሊዝኛውም አቀላጥፎ ይሄዳል። ጉዱ የሚታየው ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ነው። አንድ አዘጋጅ ሐና፣ አንድ እንግዳ አቶ ብርሃኑ ያሉበትን ቃለ መጠይቅ ለምሳሌ እንውሰድ። በድምፁ ላይ የተባለው ይህ ነው፦

```
00:14:20.400 --> 00:14:24.900
<v ሐና>እርስዎ ከአያት የወጡት በስንት ሰዓት ነበር?

00:14:25.100 --> 00:14:30.600
<v አቶ ብርሃኑ>ከሌሊቱ 11 ሰዓት፤ መስከረም 5 ቀን 2012።
```

በርካሽ የተገዛው እንግሊዝኛ ደግሞ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

```
00:14:20.400 --> 00:14:24.900
<v Speaker 2>What time did your grandmother leave?

00:14:25.100 --> 00:14:30.600
<v Speaker 1>At 11 at night, September 5, 2012.
```

በእነዚህ ሁለት መስመሮች ውስጥ አራት ስሕተት አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አማርኛ በማያውቅ አንባቢ ዓይን አይታዩም። አያት የሰፈር ስም መሆኑ ቀርቶ ሴት አያት ሆነ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ንጋት 5 ሰዓት ነው፤ ተርጓሚው 11ን እንዳለ ገልብጦ ከእኩለ ሌሊት በፊት አደረገው። መስከረም 5 ቀን 2012 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 16 ቀን 2019 ነው፤ ዓመቱ ሳይቀየር ሲያልፍ እንግዳው ሰባት ዓመት ቀድሞ እንደወጣ ተደርጎ ታተመ። አራተኛው፣ ሐና እና አቶ ብርሃኑ በእንግሊዝኛው ላይ ቁጥር ሆነዋል፤ ቁጥሮቹም በሌላ ገጽ ላይ ሊገለባበጡ ይችላሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻችሁ ቁጥር ያለበትን ቦታ ሁሉ መፈለግ ይሁን። በአማርኛው ፋይል ውስጥ "ሰዓት"፣ "ቀን" እና "ዓ.ም" የሚሉትን እየፈለጋችሁ በእንግሊዝኛው ያለውን ጎን ለጎን እዩ። ከሰዓቱ ላይ 6 ይደመርበታል ወይም ይቀነስበታል። ለዓመት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ቀጥሎ የቦታና የሰው ስሞችን ተመልከቱ፤ ተስፋዬ፣ አበበ፣ ብርሃኑ የመሳሰሉት ስሞች ሁሉ ትርጉም ስላላቸው በሶፍትዌር ሲተረጎሙ ተራ ቃል ሊሆኑ ይችላሉ። ሃና ማርያምን የመሰለ የሰፈር ስምም ሐና ከምትባል አዘጋጅ ጋር ሲደባለቅ ጥሩ አይሆንም። ይህን ሥራ 20 ደቂቃ ብትሰጡት ሻጩ ማዳመጥ አለማዳመጡን ትለያላችሁ።

የተናጋሪ ስም ላይ ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ። አንደኛው ፊደል ነው። ሐና በሐመሩ ሐ እና ሀና በሃሌታው ሀ ስንጽፋቸው ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሁለት የጻፉ ሰዎች ሥራውን ከተካፈሉት ስሙ በክፍሉ አጋማሽ ይቀየራል፤ አንባቢ በስም ሲፈልግም ግማሹ አይገኝለትም። ሊኑክስ ወይም ማክ ያለው ሰው በዚህች ትእዛዝ ያያል፤ am.vtt የአማርኛው ፋይል ነው፦

```
grep -o '<v [^>]*>' am.vtt | LC_ALL=C sort | LC_ALL=C uniq -c
```

ሁለት ተናጋሪ ባለበት ክፍል ሦስት ወይም አራት ስም ከወጣ መልሱላቸው። (`LC_ALL=C` የሚለውን አትተዉት፤ ያለሱ አንዳንድ ኮምፒውተር የግዕዝ ፊደላትን አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል።)

ሁለተኛው የከፋ ነው፦ አዘጋጇ ያለችው በእንግዳው ስም መታተሙ። በአንድ ማይክ ሁለት ሰው ሲቀረጽ፣ በተለይ "እሺ"፣ "አዎ"፣ "እህ" የሚሉት አጫጭር ጣልቃ ገብ ቃላት ሲበዙ፣ ሶፍትዌሩ ተናጋሪውን ያምታታል፤ አንድ "አዎ" ከጠፋው በኋላ ለበርካታ መስመር ተገልብጦ ሊሄድ ይችላል። ደግነቱ አማርኛ ራሱ ያጋልጠዋል። ሐና እንግዳዋን አንቱ ትላቸዋለች፣ እሳቸው ደግሞ አንቺ ይሏታል። እንግዲህ በፋይሉ ውስጥ "እርስዎ" የሚለውን ፈልጉ። በአቶ ብርሃኑ ስም ሥር "እርስዎ" ከተገኘ መስመሩ በአብዛኛው የሐና ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁን አጫውቱትና ከዚያ ወደፊት ምን ያህል መስመር ድረስ እንደተገለበጠ እዩ። ተገልብጦ የታተመ ጥቅስ የሰው ስም ያጠፋልና ይህን አትዝለሉት። አዘጋጅም እንግዳም በአንተታ የሚነጋገሩበት ክፍል ላይ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ያኔ ማዳመጥ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ሰዓቱ የሚዛባው ብዙ ጊዜ ያልተቆረጠውን ድምፅ ስለምንልክላቸው ነው፤ ይህ የእኛም ጥፋት ነው። ጽሑፉ ከተሠራ በኋላ መግቢያ ሙዚቃ ይጨመራል፣ ዝምታ ይቆረጣል፣ የስፖንሰር ማስታወቂያ ይገባል። የሚፈተሸው በሦስት ቦታ ነው፦ መጀመሪያ አካባቢ፣ መሐል ላይ፣ መጨረሻ አካባቢ። በየቦታው አንድ ለየት ያለ ቃል ምረጡ፣ ፋይሉ የሚለውን ሰዓትና በታተመው ድምፅ ላይ የሚሰማበትን ሰዓት ጻፉ፣ ልዩነቱን አስሉ። በምሳሌው ክፍል ፋይሉ 2፡10 ያለው ቃል በድምፁ 2፡48 ላይ ቢሰማ፣ 27፡05 ያለው በ27፡43፣ 51፡00 ያለው በ51፡38 ቢሰማ፣ በሦስቱም ልዩነቱ 38 ሰከንድ ነው። ይህ ቀላል ነው፤ ከፊት የ38 ሰከንድ ሙዚቃ ገብቷል፣ ሁሉንም በአንድ ቁጥር መግፋት ይበቃል፤ ffmpeg የሚባለው ፕሮግራም ይሠራዋል፦

```
ffmpeg -itsoffset 38 -i am.vtt -c copy am_fixed.vtt
```

ልዩነቱ መጀመሪያ 38፣ መሐል ላይ 11፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቃሉ ፋይሉ ከሚለው 20 ሰከንድ ቀድሞ የሚሰማ ከሆነ ግን በአንድ ቁጥር አይድንም። በመጀመሪያውና በመሐሉ መካከል 27 ሰከንድ፣ ከመሐሉ እስከ መጨረሻው 31 ሰከንድ ያህል ተቆርጧል ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ቁርጥ ያለበትን ቦታ አግኝቶ ከዚያ በኋላ ያለውን ማስጠጋት ይጠይቃል። ሻጩ "በአምስት ደቂቃ አስተካክለዋለሁ" ቢላችሁ አትመኑት። አንድ ማስታወሻ፦ ድምፃችሁ በቪቢአር፣ ማለትም በሚለዋወጥ ቢትሬት፣ የተጨመቀ ኤምፒ3 ከሆነ ማጫወቻው ራሱ ወደ ደቂቃው ሲዘል ሊስት ስለሚችል፣ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት በዌቭ ወይም ቢትሬቱ በማይለዋወጥ በሲቢአር ፋይል አረጋግጡ።

ሁለቱን ቋንቋ ማጣመሩ ላይ የሚሠራ አንድ ተንኮል አለ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛ ቀድሞ ይናገረዋል። ዓረፍተ ነገሩ በየ3 ሰከንዱ ከተቆራረጠ የአማርኛው ሁለተኛ ቁራጭ ያለውን እንግሊዝኛው በመጀመሪያው ይናገራል፤ አንባቢ ደቂቃውን ሲጫን ሌላ ነገር ይሰማል። ለንባብ የሚታተም ትራንስክሪፕት እንደ ፊልም ጽሑፍ መቆራረጥ የለበትም። አንድ ሙሉ ሐሳብ፣ ከ5 እስከ 20 ሰከንድ፣ በሁለቱም ፋይል አንድ ዓይነት መነሻና መድረሻ ሰዓት ይኑረው። በዚህ መልክ ከተሠራ የሁለቱ ፋይል የመስመር ብዛት እኩል ይሆናል፦

```
grep -c -- '-->' am.vtt en.vtt
```

412 እና 389 የመሰለ ቁጥር ከወጣ ሁለቱ ቋንቋዎች ለየብቻ ተሠርተው ነው የተላኩላችሁ፤ ጥንድ አይደሉም።

የፋይሉን ዓይነትም ተመልከቱ። ኤስአርቲ የሚባለውን ሌላ ዓይነት የጽሑፍ ፋይል ስሙን ብቻ ወደ ቪቲቲ ቀይረው ይልካሉ። እውነተኛ ቪቲቲ የመጀመሪያ መስመሩ `WEBVTT` ነው፣ ሚሊሰከንዱም በነጥብ ይለያል፤ ኤስአርቲ በነጠላ ሰረዝ ይለያል። ስሙ ብቻ የተቀየረውን የድረ ገጽ ማጫወቻ አይከፍተውም።

ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቴሌግራም ላይም ቢሆን። ከክፍሉ መሐል፣ ሁለቱ ሰዎች ተጣድፈው ከሚነጋገሩበት ቦታ፣ 5 ደቂቃ እናንተው መርጣችሁ ናሙና አሠሩ፤ ናሙናውን ሻጩ ከመረጠ ሁልጊዜ ጥርት ያለውን መግቢያ ነው የሚሠራው። የምትልኩት ተቆርጦ ያለቀ፣ ለሕዝብ የሚወጣው ድምፅ ይሁን፤ የስሞችና የሰፈሮች አጻጻፍ ዝርዝርም በሁለቱ ቋንቋ አብራችሁ ስጡ። ሁለተኛው ግማሽ ክፍያ በሦስቱ ነጥብ የሰዓት ፍተሻና በስም ቆጠራው ካለፈ በኋላ እንደሚላክ ጻፉ። ቀብዱን ቀድማችሁ ከላካችሁና የመጣው የተበላሸ ከሆነ፣ መጀመሪያ የተናጋሪ ስሙን እዩ። ስሙ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ ብቻ ከተዛባ አርሙት፣ ያዋጣል። ስሙ ከተገለባበጠ ግን ያንን ጽሑፍ እያስተካከሉ ከመድከም ከድምፁ እንደ አዲስ መጻፍ ፈጣን ነው፤ ፋይሉን ተዉትና ቀሪውን ገንዘብ አትላኩ።