አላይነር ለ11 ወር አድርጌ፦ ብሬስ ይሻለኝ ነበር እንዴ?

34 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ። የታች የፊት ጥርሶቼ ተደራርበው ነበር፣ ላይ በቀኝ ያለው ክራንቻዬ ደግሞ ዞሮ ነው የበቀለው። ብሬስ ማለት ያው ሽቦ ነው፣ እሱን አፌ ውስጥ አድርጌ ስብሰባ መግባት አሳፈረኝና ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን ግልጽ ፕላስቲክ፣ አላይነርን መረጥኩ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። የትኛው ጥርሴ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ እንኳን ትዝ አላለኝም።

24 ፕላስቲክ ተሰጠኝ፣ በየ10 ቀኑ የሚቀየር፣ ማለትም 8 ወር። የታቹ መደራረብ ቆንጆ አድርጎ ተስተካከለ፣ በሦስተኛው ወር የጥርስ ማጽጃ ክር በመሀላቸው በቀላሉ ይገባ ጀመር። ችግሩ ክራንቻው ነው። ክብ ቅርጽ ስላለው ፕላስቲኩ ሊያዞረው ሲል ይንሸራተታል። ለዚህ ብለው ጥርሱ ላይ የሚለጥፉት ትንሽ ጉብታ አለ፣ የኔ ላይም ነበር፣ ግን አልበቃም። 11ኛው ፕላስቲክ ላይ መስታወት ፊት ሳየው በክራንቻው ጫፍና በፕላስቲኩ መሀል ክፍተት አለ። ያኔ ነው ጥርሱ ከፕላኑ ወደኋላ እንደቀረ የገባኝ። እንዲህ ስታዩ ወደሚቀጥለው አትለፉ፣ ለሐኪማችሁ ደውሉ። እኔ እንደገና ስካን ተደረግኩ፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ፣ ከዚያ 20 አዲስ ፕላስቲክ። ስምንት ወር የተባለው 11 ሆነ ማለት ነው። ተጨማሪው በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ መካተቱ በጀኝ፤ ሳትፈርሙ ይህን ጠይቁ።

ጥፋቱ ሁሉ የፕላስቲኩ ነው አልልም። በቀን 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል አለበት ተብዬ ነበር። እሁድ ቡና ሲፈላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ሰዓት ይሄዳል፣ ቁርስና ምሳ ሳይቆጠር! ፕላስቲኩን አድርጎ ስኳር ያለው ቡና መጠጣት ደግሞ አይሆንም፣ ስኳሩ ጥርሱና ፕላስቲኩ መሀል ተይዞ ይቀራል። አልጫ ከበላሁ በኋላ ያቺ ጉብታ ቢጫ ሆና ታየች። አንዱን ፕላስቲክ በሶፍት ጠቅልዬ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ከሳህኑ ጋር ተጠርጎ ተጣለ።

እህቴ ብሬስ አስደርጋለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከንፈሯ ቆስሎ ሰም ስትለጥፍ ነበር፣ ጎመን ከበላች መስታወት ፍለጋ ነው፣ ቆሎ ስትቆረጥም ደግሞ ጥርሷ ላይ ሽቦውን ከሚይዙት ብራኬቶች አንዷ ተነቅላ ወደ ሐኪሙ ተመልሳለች። ግን ሽቦው ስትተኛም ስትረሳም ይሠራል፣ የዞረ ጥርስ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል።

እና ትንሽ መደራረብ ወይም ክፍተት ብቻ ከሆነ፣ ሰዓቱን የምትጠብቁ ከሆናችሁ፣ አላይነር። በጣም የዞረ ክራንቻ፣ ወደ ታች መሳብ ያለበት ጥርስ፣ ወይም እንደኔ ዝርክርክ ሰው ከሆነ ብሬስ። እኔ ዛሬ ብመርጥ ላይ ብሬስ፣ ታች አላይነር አስደርግ ነበር፤ ሁለቱን ቀላቅሎ መሥራት ይቻላል፣ ማንም አልነገረኝም እንጂ።

አሁን ጥርሶቼ ወደ ቦታቸው እንዳይመለሱ ማታ ማታ ሪቴይነር የሚባለውን መያዣ አደርጋለሁ። ባለፈው ለጉዞ ረስቼው ሄጄ በአምስተኛው ሌሊት ስመልሰው ጠብቆ እንቢ ሊለኝ ነበር፣ ያውም ያው ክራንቻ ላይ።