ያረጀ ዴስክቶፕ፦ የሚጎትተው ፕሮሰሰሩ ነው ወይስ ግራፊክስ ካርዱ?

ጌሙ ይቆራረጣል፣ ገንዘቡ ደግሞ ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚበቃው። ወይ ፕሮሰሰር ወይ ግራፊክስ ካርድ። ሻጩን ብትጠይቁት መደርደሪያው ላይ ያለውን ይነግራችኋል። አልፈርድበትም፣ ማሽናችሁን አላየውማ። መልሱን ቤታችሁ ሆናችሁ፣ ምንም ሳትከፍሉ ማግኘት ትችላላችሁ።

ለምሳሌ ከቢሮ ወጥቶ የሚሸጠውን ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 እንውሰድ። ውስጡ ኮር አይ5-6500 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራምና በኋላ የተጨመረበት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ካርድ አለ። ፕሮሰሰሩ የ2015፣ ካርዱ የ2016 ነው። በዕድሜ እኩያሞች ስለሆኑ አይቶ ብቻ ደካማውን መለየት አይቻልም።

ዘገምተኛው ይወስናል

ስክሪን ላይ የምታዩት እያንዳንዱ ምስል፣ ፍሬም የሚባለው፣ ሁለት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ሂሳቡን ይሠራል፦ መኪናው የት ደረሰ፣ ሰውዬው ወዴት ዞረ፣ ጥይቱ ማንን መታ። ከዚያ የሚሳለውን ነገር ለካርዱ ያስረክባል፤ ካርዱ ይስላል። ካርዱ አንዱን ሲስል ፕሮሰሰሩ ቀጣዩን ያሰላል። ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ ዘገምተኛው ነው።

ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 20 ሚሊሰከንድ፣ ካርዱ 14 ሚሊሰከንድ ፈጀ እንበል። 1000ን ለ20 ስናካፍል በሰከንድ 50 ፍሬም ይመጣል። ካርዱ ብቻውን 71 መሳል ይችል ነበር፤ ግን የሚደርሰው ሥራ የ50 ብቻ ነው። አሁን በእጥፍ የሚፈጥን ካርድ ገዛችሁ፣ 7 ሚሊሰከንድ ብቻ ይፈጃል። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ግን ያው 50 ነው። ብሩ ወጣ፣ ካርዱ ገባ፣ ጌሙ እንደነበረ ቀረ።

የ720 ፈተና

መጀመሪያ ሁለት ነገር አረጋግጡ። የስክሪኑ ገመድ የተሰካው ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሆኑን እዩ። አትሳቁ፣ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ጌሙ ሲሠራ የኖረው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ግራፊክስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጌሙ ውስጥ V-Sync እና ማንኛውንም ሌላ የፍሬም ገደብ አጥፉ። 60 ላይ የታሰረ ጌም ሁለቱንም ዕቃ ሥራ ፈት ስለሚያስመስል ምርመራው ይበላሻል።

አሁን Win+G ተጫኑ። ዊንዶውስ ራሱ የያዘው የጌም ባር ይከፈታል፤ በውስጡ የፕሮሰሰሩን፣ የካርዱን፣ የራሙንና የፍሬሙን ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለ። የፍሬሙን ቁጥር መጀመሪያ ላይ ፈቃድ ይጠይቅበታል። ከዚያ ጌሙ የሚከብድበት ቦታ ሂዱና ቁሙ፤ ለምሳሌ ጂቲኤ 5 ከሆነ ሰውና መኪና የበዛበት መሃል ከተማ። በ1920×1080 የሚታየውን ቁጥር ጻፉ። ሌላ ምንም ሳትነኩ ሪዞሉሽኑን ብቻ ወደ 1280×720 አውርዱና እዚያው ቦታ እንደገና እዩ።

ይሄ የሚሠራው በቀላል ምክንያት ነው። 720 ላይ ካርዱ የሚስለው ነጥብ ከ1080 ከግማሽ በታች ነው። የፕሮሰሰሩ ሂሳብ ግን አይቀየርም፤ መኪናውም ሰውየውም ያው ናቸው። ስለዚህ ሥራው የቀለለው ለካርዱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ገዢ ሊይዘው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ካርዱ 720 ላይ እፎይ ካለ፣ ያያችሁት ቁጥር የፕሮሰሰራችሁ ጣሪያ ነው። በዚያ ጌም፣ በዚያ ሴቲንግ፣ የፈለጋችሁትን ውድ ካርድ ብትገዙ ከዚያ አታልፉም።

| የታየው | የሚጎትተው | መግዛት የሚያዋጣው |
|---|---|---|
| 1080 ላይ 38፣ 720 ላይ 70 | ካርዱ | ካርድ፤ እስከ 70 አካባቢ ቦታ አለው |
| 1080 ላይ 48፣ 720 ላይ 50 | ፕሮሰሰሩ | ካርድ ብዙም አይጨምርም |
| 1080 ላይ 44፣ 720 ላይ 54 | ሁለቱም ተቀራራቢ | ብቻውን የሚያዋጣ የለም |

ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ የእናንተን በቦታቸው አስገቡ። 720 ላይም ካርዱ 97፣ 98 በመቶ እየሠራ ከሆነ ጣሪያው ላይ አልደረሳችሁም ማለት ነው፤ ሪዞሉሽኑን አሁንም ዝቅ አድርጉ።

ውጤቱን በሌላ መንገድ ማጣራት ከፈለጋችሁ ጂቲኤ 5 ራሱ ጥሩ መሣሪያ ነው። Population Density የሚለውን ወደ ታች ስታወርዱ ጎዳናው ላይ ያለው ሰውና መኪና ይቀንሳል፤ ያ በዋናነት የፕሮሰሰር ሸክም ነው። Grass Quality ደግሞ የካርድ ሸክም ነው፤ ከከተማ ወጥታችሁ ሣር ያለበት ቦታ ላይ ሞክሩት። የመጀመሪያውን ስታወርዱ ፍሬሙ ከዘለለ ፕሮሰሰሩ፣ ሁለተኛውን ስታወርዱ ከዘለለ ካርዱ ነው።

ታስክ ማናጀር የሚያሳስትበት ቦታ

ብዙ ሰው ታስክ ማናጀር ከፍቶ ፕሮሰሰሩ 55 በመቶ መሆኑን ያይና «ፕሮሰሰሩማ ገና ግማሽ ነው፣ ችግሩ የካርዱ ነው» ይላል። ይሄ ድምዳሜ ብዙ ብር አስበልቷል። አይ5-6500 አራት ኮር አለው፤ የሚታየው ቁጥር የአራቱ አማካይ ነው። ጌሙ ዋናውን ሥራ አንድ ኮር ላይ ከጫነና ያ ኮር 100 ከደረሰ፣ ሌሎቹ ሥራ ፈት ቢሆኑ ጠቅላላው 25 በመቶ ብቻ ሊል ይችላል። አንዱ ኮር ግን ላብ በላብ ሆኗል።

Ctrl+Shift+Esc ተጫኑ፣ Performance ውስጥ CPU የሚለውን ምረጡ። ግራፉ ላይ በቀኝ ክሊክ Change graph to፣ ከዚያ Logical processors። አሁን አራቱን ለየብቻ ታያላችሁ። ይሄም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ዊንዶውስ ሥራውን ከኮር ወደ ኮር ስለሚያዘዋውር አንዱ ብቻ ጥርት ብሎ 100 ላይ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እኔ ይበልጥ የማምነው የካርዱን ቁጥር ነው። የፍሬም ገደብ ጠፍቶ ካርዱ ከ95 በላይ ከሆነ የሚጎትተው እሱ ነው። 60 እና 70 ላይ የሚዋልል ከሆነ ሥራ እየጠበቀ ነው፤ ጠባቂው ደግሞ ጥፋተኛ አይደለም።

ሁለቱም ንጹሕ ሲሆኑ

ፕሮሰሰሩ ተጠያቂ ከመሰለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ገጽ ላይ Speed የሚለውን ጌሙ እየሄደ እዩት። አይ5-6500 መደበኛ ፍጥነቱ 3.2 ጊጋኸርዝ ነው። ከዚያ በታች ወርዶ 2 ምናምን ላይ ከቆየ፣ ማሽኑ ሞቆት ራሱን እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። የዓመታት አቧራ ማቀዝቀዣውን ደፍኖታል፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ፔስትም ደርቋል። አቧራውን አጽድቶ ፔስቱን መቀየር ከአዲስ ፕሮሰሰር ጋር በዋጋ አይወዳደርም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ራሙ ነው። 8 ጊጋው በአንድ ፍሬ ብቻ ከተሰካ መረጃው የሚያልፈው በአንድ መንገድ ነው። ሌላ 8 ጊጋ ስትጨምሩ መንገዱም ሁለት ይሆናል፣ ቦታውም ይሰፋል። የእኔ ምክር ራሙ 8 ላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ሙሉትና ፈተናውን እንደ አዲስ አድርጉት። ሦስተኛው የካርዱ የራሱ ሜሞሪ ነው። 1050 ቲአዩ 4 ጊጋ አለው። እሱ ሲሞላ ጌሙ ለስ ብሎ እየሄደ ድንገት ይነጥቃል። ቴክስቸር የሚለውን ሴቲንግ አንድ ደረጃ ስታወርዱ መንጠቁ ከጠፋ ምንም መግዛት ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

እንግዲህ የቱ ይገዛ?

ፈተናው ካርዱን ካሳየ፣ ምርጫውን የሚገድበው ፓወር ሳፕላዩ ነው። ትንሹ ኦፕቲፕሌክስ 180 ዋት፣ ታወሩ 240 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የፓወር ገመድም የለውም። ፓወር ሳፕላዩን ከገበያ ባለ ተራ ዕቃ መቀየርም ቀላል አይደለም፣ ዴል የራሱን ሶኬት ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ ያለ ተጨማሪ ገመድ ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚመገብ፣ ከ75 ዋት የማያልፍ ካርድ ፈልጉ። ጂቲኤክስ 1650 አንዱ ነው፤ ግን ገመድ የሚጠይቁ ሞዴሎችም ስላሉት ካርዱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ የሚሻለው በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ነው፣ 70 ዋት ብቻ ይወስዳል። ኬዙ ትንሹ ከሆነ የግድ አጭሩ፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው መሆን አለበት።

አርኤክስ 6400 ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዋጋው ሊያጓጓ ይችላል፣ ገመድም አይጠይቅም። ችግሩ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ መሆኑ ነው። መገናኛቸው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 በሆነ እንደነዚህ ባሉ ማሽኖች ላይ አራት መስመር ይጠብበታል፤ 4 ጊጋ ሜሞሪው ሲሞላ ደግሞ በደንብ ይወርዳል።

ፈተናው ፕሮሰሰሩን ካሳየ ምርጫው ጠባብ ነው። ይህ ማዘርቦርድ የሚቀበለው 6ኛና 7ኛ ትውልድን ብቻ ነው። 8ኛ ትውልድ ሶኬቱ ላይ ልክ ይገባል፣ ግን አይነሳም፤ «ይገባል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትስሙት። ጣሪያው አይ7-7700 ነው፦ ያው አራት ኮር፣ ግን እያንዳንዱ ኮር በአንዴ ሁለት ሥራ ስለሚይዝ ስምንት ትሬድ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ 4.2 ጊጋኸርዝ። የእኛው አይ5 ከፍተኛው 3.6 ነው። ውስጣዊ አሠራራቸው ተመሳሳይ ስለሆነ ሂሳቡ ግልጽ ነው፤ ጌሙ አንድ ኮር ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ጭማሪው ቢበዛ 17 በመቶ ገደማ ነው። 50 የነበረው 58 ይሆናል። ብዙ ኮር የሚጠቀም ጌም ከሆነ ግን ስምንቱ ትሬድ መንጠቁን በደንብ ሊያለዝበው ይችላል።

ሁለቱን ግዢዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ለእኔ ሚዛኑ እኩል አይደለም። ካርዱን ነገ ሌላ ማሽን ስትገዙ ነቅላችሁ ትወስዱታላችሁ። አይ7-7700 ግን ከዚህ ዘመን ማዘርቦርድ ውጪ የትም አይሄድም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ አይ5-6500ንም አይ7-7700ንም በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ ካርዱ ከጎተታችሁ ካርድ ግዙ። ፕሮሰሰሩ ከጎተታችሁ፣ አይ7ቱን በጣም በርካሽ ካላገኛችሁት በስተቀር፣ ብሩን ለቀጣዩ ማሽን ያዙት።